ከርክክብ በኋላ የተሰነጠቀ ግድግዳ

ነሐሴ ወር ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ውስጥ የሳሎኑ መስኮት አልዘጋ ብሏል። የቤቱ ባለቤት እህት መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ታያለች። ስልኳን አንሥታ ቤቱን ለሠራው ተቋራጭ ትደውላለች። መልሱ አጭር ነው፤ «እትዬ፣ ዓመቱ እኮ አልፏል።»

ይህ መልስ በአገሪቱ የቤት ግንባታ ውስጥ በብዙዎች ጆሮ የደረሰ ነው። በከፊል እውነት አለው፤ በከፊል ደግሞ ስሕተት ነው። የትኛው ክፍል እውነት፣ የትኛው ስሕተት እንደሆነ የሚለየው በሁለት የጊዜ ልኮች መካከል ያለውን ልዩነት በማወቅ ነው። አንደኛው በውል የሚጻፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ልክ ነው። ሁለተኛው በሕግ የተጻፈው የዐሥር ዓመት ልክ ነው።

ሁለቱን ነጥሎ ለማሳየት ከላይ የተጀመረው ታሪክ ይበጃል። ታሪኩ ለማስረዳት የተገጣጠመ እንጂ የአንድ የተወሰነ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ነገሩ ግን በየሰፈሩ የሚታይ ነው። ባለቤቱ ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ነው እንበል። ቤቱን ያሠራው በውክልና በእህቱ አማካይነት ነው። ውሉ የተፈረመው በ6,000,000 ብር ሲሆን ተቋራጩ ማቴሪያሉንም ጉልበቱንም ችሎ፣ በተሰጠው ንድፍ መሠረት ሠርቶ ሊያስረክብ ተስማምቷል። ግንባታው አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ የተደረገው ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።

ጊዜያዊ ርክክብ የሚባለው ቁልፍ ከመቀበል የሰፋ ነገር ነው። አሠሪው ወይም ወኪሉ፣ ተቋራጩ እና ካለ አማካሪው መሐንዲስ ቤቱን ክፍል በክፍል እየዞሩ ያያሉ። ያልቀና በር፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ፣ ውሃ የሚያሳልፍ መታጠቢያ ቤት፣ ጎርባጣ ልስን፣ የማይሠራ ሶኬት ሁሉ ተመዝግቦ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። በታሪካችን እህትየዋ 14 ነጥቦች አስመዝግባለች። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ቀዳዳውን ደፍና፣ ውሃ ሞልታ፣ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት አቆይታ ከሥሩ ያለውን ጣሪያ ማየቷ ብልህነት ነበር፤ ጠብታ ታይቶ እዚያው ተጽፏል። በዓይን የሚታይ ጉድለት ሳይመዘገብ «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ተብሎ ከተፈረመ፣ ጉድለቱ ከርክክብ በፊት የነበረ ነው ብሎ ማስረዳት በኋላ ከባድ ይሆናል። በተለይ ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ዘመድ በሚረከብበት ጊዜ ይህ ይበዛል፤ ዘመድ ያፍራል፣ ወይም ቀለሙን አይቶ ይፈርማል።

ከርክክቡ ጋር የሚሄደው ሌላው ነገር የመያዣ ገንዘብ ነው፤ በሥራው ዓለም ሪቴንሽን ይሉታል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ጥቂት በመቶ እየተቆረጠ በአሠሪው እጅ ይቆያል። በዚህ ውል ልኩ 5 በመቶ ነው፤ ማለትም 300,000 ብር። ግማሹ፣ 150,000 ብር፣ በጊዜያዊ ርክክብ ጊዜ ተለቀቀ። ሌላው ግማሽ ለአንድ ዓመት ቆየ። ያ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይባላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሚታይ ጉድለት ተቋራጩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጥቶ ያስተካክላል፤ ካላስተካከለ አሠሪው በተያዘው ገንዘብ ሌላ ባለሙያ ያሠራል። ዓመቱ ሲሞላ የመጨረሻ ርክክብ ይደረግና ቀሪው ገንዘብ ይለቀቃል።

በታሪካችን ይህ ሁሉ በወጉ ተፈጽሟል። ተቋራጩ 14ቱን ነጥቦች አስተካክሎ፣ በዓመቱ መጨረሻ የላሉ ማጠፊያዎችን አጥብቆ፣ ኅዳር 2013 ዓ.ም. ቀሪውን 150,000 ብር ወሰደ። ሁለቱም ወገኖች ጉዳዩ የተዘጋ መሰላቸው። «ዓመቱ አልፏል» የሚለው መልስም የሚነሣው ከዚህ ነው።

የተዘጋው ግን የውሉ በር ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ስለሚመለከት የሥራ ውል በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 3039 ላይ ሌላ ግዴታ አስቀምጧል። ተቋራጩ ሥራው በደንብ ስለ መሠራቱና ስለ ጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራው በአሠራር ጉድለት ወይም በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኃላፊነቱ የእርሱ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ የውሉ አንድ ዓመት የሕጉን ዐሥር ዓመት አይተካውም። አንዱ ተቋራጩ ለጥቃቅኑም ለትልቁም ተመልሶ የሚመጣበት፣ ገንዘብም የተያዘበት ጊዜ ነው፤ ሌላው ቤቱ ቤት ሆኖ መቆሙን የሚመለከት ነው።

የአንቀጹ የትውልድ ታሪክም ያስተምራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በ1804 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ላይ፣ ሕንፃው በአሠራር ጉድለት ወይም በመሬቱ እንከን ምክንያት በሙሉም ሆነ በከፊል ቢፈርስ አርክቴክቱና ተቋራጩ ለ10 ዓመት ተጠያቂ ናቸው ይል ነበር። «የመሬቱ ጠባይ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አበባ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ፈረንሳዮች በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ደግሞ ግንበኞች ለዚህ ኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዲገቡ አስገደዱ። የኢትዮጵያው አንቀጽ ዋስትናውን በተቋራጩ ትከሻ ላይ ይጥላል እንጂ ኢንሹራንስ አይጠይቅም። ወደዚህ ልዩነት ኋላ እንመለስበታለን።

ከፓሪስ የመጣው ሐሳብ በአዲስ አበባ መሬት ላይ እንግዳ አልሆነም። ከከተማዋ ሰፊ ክፍል ሥር፣ በተለይ በምሥራቅና በደቡብ ባለው ሜዳ፣ የሚገኘው አፈር ዋልካ ነው። መሐንዲሶች ጥቁር የጥጥ አፈር ይሉታል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸመቅቃል። በበጋ በባዶ ሜዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣውና በክረምት ጫማ የሚነቅለው ይኸው አፈር ነው። ውሃውን ወደ ውስጡ የሚያስገባው ሸክላው በጣም ደቃቅ ንብብር ስላለው ነው፤ ሲያብጥ የሚያመጣው ግፊት ቀላል ግድግዳን፣ አንዳንዴም አንድ ፎቅ ያለውን ቤት ወደ ላይ ያነሣል።

በዚህ አፈር ላይ ቤት ሲቆም ከቤቱ መሐል ያለው አፈር በወለሉ ስለተሸፈነ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም። የዳርቻው አፈር ግን በየክረምቱ ይረጥባል፣ በየበጋው ይደርቃል። ስለዚህ ጠርዙ ከፍ ዝቅ ሲል መሐሉ ይቆያል፤ ግድግዳው በመካከላቸው ይጠመዘዛል። ብሎኬት መጠምዘዝ አይወድም፣ ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀውም ደካማ በሆነበት ቦታ፣ በመስኮትና በበር ጥግ ነው።

ነገሩ በአንድ ክረምት ላይታይ ይችላል። አንዱ ክረምት ዝናቡ ቀላል ይሆናል። ወይም የአፈሩ እርጥበት ከቤቱ ጋር እስኪላመድ ጥቂት ዓመታት ይፈጃል። በታሪካችን ያለው ቤት ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ያየው አንድ ክረምት፣ የ2012ቱን ብቻ ነው። የውሉ ዋስትና ቤቱን በአንድ ክረምት ይፈትነዋል፤ ሕጉ ግን በዐሥር።

እንግዲህ ስንጥቁ በሦስተኛው ክረምት፣ በነሐሴ 2014፣ ወጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስንጥቁ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው፤ ስንጥቅ ሁሉ የመሠረት አይደለምና። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶው ሲደርቅ የሚያመጣው ነው፤ በቀለም ይሸፈናል፣ አያድግም። ብሎኬቱ ከአርማታው ኮለን ጋር በሚገናኝበት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርደው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲገናኙ የሚመጣ ሲሆን፣ በመገናኛው ላይ ከልስኑ በፊት ወንፊት ሽቦ ባለመደረጉ የሚብስ ነው። ይህም ጉድለት ነው፣ ነገር ግን ቤቱን አይጥለውም። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወይም በብሎኬቱ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚሄድ፣ አንደኛው ጫፉ ከሌላው የሚሰፋ ስንጥቅ ከመሠረት እንቅስቃሴ ይመጣል። በሩ በክረምት የሚነክስና በበጋ የሚለቅ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ኮለን ወይም ቢም ላይ ከፌሮው ዝገት ጋር የሚታይ ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መሐንዲስ መጥራት ነው።

እህትየዋ ያደረገችው ቀላል ነገር ነበር። በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አሰመረችና ቀኑን ጻፈች። ስንጥቁን ተሻግሮ በሁለቱም ወገን እንዲጣበቅ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በጂፕሰም አስለጠፈች፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጋ ፎቶ አነሣች። መስከረም ላይ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ነበር። ጥር ላይ ጠበበ። በሚቀጥለው ሐምሌ 4 ሚሊ ሜትር ደረሰ፣ መስታወቱም ተሰነጠቀ። ወቅትን የሚከተል ስንጥቅ ምንጩ ከአፈሩ መሆኑን በራሱ ይናገራል።

ከፎቶው ጋር ደብዳቤ ሄደ። በስልክ የተባለው ሁሉ ስለሚካድ ደብዳቤው በጽሑፍ ሆኖ፣ ተቋራጩ መቀበሉን የሚያሳይ ፊርማ ወይም የፖስታ ደረሰኝ ያለው መሆን አለበት። በደብዳቤው ላይ የውሉ ቀን፣ የርክክቡ ቀን፣ የታየው ጉድለትና መቼ እንደታየ፣ በተወሰነ ቀን መጥቶ እንዲያይ የቀረበው ጥያቄ ተጽፏል። ሕጉ እንዲህ ላለው ማስጠንቀቂያ ትልቅ ዋጋ ይሰጣል፤ ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው ላይ እርምጃ ከመውሰድ በፊት እንዲፈጽም መጠየቅ መደበኛው መንገድ ነው። የ10 ዓመት ዋስትና አለ ተብሎ ጉድለት ከታየ በኋላ ዝም መባሉ ግን አይጠቅምም። እየቆየ የሚሰፋ ጉዳት ሲኖር ተቋራጩ «ቀድሞ ቢነገረኝ በትንሽ ባስተካከልኩት ነበር» ይላል፤ ክርክሩም መሠረት አለው።

ተቋራጩ መጣ። ሦስት መልስ ይዞ መጣ።

የመጀመሪያው «መሬቱ ዋልካ ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም» የሚል ነው። ይህ በሕጉ የተዘጋ በር ነው፤ ቁጥር 3039 የመሬቱን ጠባይ በስም ጠርቶ በተቋራጩ ላይ አድርጎታል። ዋልካ ላይ የሚሠራ ሰው ዋልካ ላይ መሆኑን ያውቃል ተብሎ ይገመታል።

ሁለተኛው «በንድፉ መሠረት ነው የሠራሁት» የሚል ነው። ይህ ክብደት አለው፣ ግን መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በተስማሙበት መሐንዲስ ፊት በቤቱ ሁለት ጥጎች ላይ የሙከራ ጉድጓድ ተቆፈረ። ንድፉ የሚለው ፉቲንጉ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ እንዲቀመጥ፣ ከመሬት ወለሉ ሥር ዋልካው ወጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብብር እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ ነበር። በአንዱ ጥግ የተገኘው ፉቲንግ 1 ሜትር ከ30 ላይ ነው። ከወለሉ ሥር ያለው ገረጋንቲም 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ከሥሩ ዋልካው እንዳለ ተገኘ። በክፍያ ሰርተፍኬቱ ላይ ግን የ2 ሜትር ቁፋሮ ተለክቶ ተከፍሏል። ጉድጓዱ በሁለቱም ፊት ፎቶ ተነሥቶ ቃለ ጉባኤ ከተያዘ በኋላ ነው የተሞላው። ይህ ቅደም ተከተል አስፈላጊ ነው፤ ማስረጃውን ቀድሞ የሚያፈርስ ወይም የሚሸፍን አሠሪ ፍርድ ቤት ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲያይ ሊያዝ ይችላል፣ ግን ባለሙያው የሚያየው ነገር መኖር አለበት።

ሦስተኛው መልስ «ተቆጣጣሪው መሐንዲስ አይቶ አጽድቆታል» የሚል ነው። የተቆጣጣሪው ዝምታ ተቆጣጣሪውንም ያስጠይቅ ይሆናል እንጂ ሥራውን ለሠራው ሰው ሽፋን አይሆንም።

ተቋራጩ የሚረታበት መልስ የለም ማለት ግን አይደለም። ባለቤቱ ከርክክብ በኋላ በንድፉ ያልነበረ ሁለተኛ ፎቅ ቢጨምር፣ ለጋራዥ ሲል ግድግዳ ቢያነሣ፣ ከመሠረቱ አጠገብ የሚፈስ ቱቦ ለወራት ሳይጠገን ቢተው፣ ወይም ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ አሸንዳው ተሰብሮ ከግድግዳው ሥር እንዲጠራቀም ቢያደርግ፣ ጉዳቱ ከአሠራሩ ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ነው ሊባል ይችላል። በዋልካ ላይ ያለ ቤት ከዙሪያው ውሃ የሚርቅበት ንጣፍና መፋሰሻ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን መጠበቅ የባለቤቱ ድርሻ ነው። የቧንቧ ጎማ ማለቁ፣ ቀለም መፍዘዙ፣ የመቆለፊያ መበላሸቱም ከዐሥሩ ዓመት ዋስትና ውጭ ነው፤ ዋስትናው የሥራውን ጥራትና ጥንካሬ እንጂ የዕቃን ማርጀት አይመለከትም።

ብዙ ሰው ቤቱን የሚሠራው ከሙሉ ተቋራጭ ጋር ተዋውሎ አይደለም። አሸዋውን፣ ሲሚንቶውን፣ ፌሮውን ራሱ እየገዛ ለአንድ ፎርማን የእጅ ዋጋ ብቻ ይከፍላል። በዚህ ጊዜ ኃላፊነቱ የሚመዘነው በስምምነቱ ይዘት ነው። ፎርማኑ «ይህን ቤት በዚህ ዋጋ ሠርቼ አስረክባለሁ» ብሎ በራሱ ኃላፊነት ውጤት ከገባ፣ ማቴሪያሉ የሌላ ቢሆንም የሥራ ተቋራጭ ነው፤ ስለ አሠራሩ ይጠየቃል። ባለቤቱ የቀን ሠራተኞችን ቀጥሮ፣ ራሱ እያዘዘ፣ በየቀኑ እየከፈለ ካሠራ ግን ተቋራጭ የሚባል ሰው የለም። ልዩነቱን የሚያሳየው ወረቀት ነው፤ የእጅ ዋጋ ሥራ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

ሌላው ወሰን የተቋራጩ መገኘት ነው። ሕጉ ለዐሥር ዓመት ተቋራጩን ይይዛል፤ ተቋራጩ ግን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ በሦስተኛው ዓመት ሊፈርስ፣ ፈቃዱን ሊመልስ፣ ንብረቱም ሊያልቅ ይችላል። ከላይ የተነሣው የኢንሹራንስ ጉዳይ እዚህ ላይ ይሰማል። ትልቅ ገንዘብ የሚያወጣ አሠሪ ውሉን ሲያዘጋጅ ከዋጋው ጋር ተቋራጩ ከኋላው ምን አለው ብሎ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው፤ ፍርድ ያለው ነገር ግን የሚያስፈጽምበት ያጣ ሰው የወረቀት ባለቤት ሆኖ ይቀራልና።

የቆጠራው መነሻ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕጉ ከርክክብ ጀምሮ ይላል። በውሉ ሁለት ርክክብ ካለ፣ ጊዜያዊና የመጨረሻ፣ ከየትኛው ይቆጠር የሚለው ሙግት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ አሠሪ ከቀደመው ይቆጥራል። በታሪካችን ያ ማለት እስከ ኅዳር 2022 ዓ.ም. ነው።

ወደ ቤቱ እንመለስ። የሙከራ ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ድርድሩ ቀላል ሆነ። ለባለቤቱ የነበረው አማራጭ ሦስት ነው፤ ተቋራጩ ራሱ እንዲጠግን፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ በሌላ ተቋራጭ አሠርቶ ወጪውን ከእርሱ እንዲያስመልስ፣ ወይም የደረሰበትን ጉዳት በገንዘብ እንዲጠይቅ። ሁለተኛውን መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1777 ይፈቅዳል። ከሌላ ተቋራጭ የተገኘው የጥገና ግምት 780,000 ብር ነበር። ተቋራጩ ይህን አይቶ ራሱ መጠገንን መረጠ።

ሥራው ለበጋ ተቀጠረ፤ ዋልካ በረጠበ ጊዜ መሠረት አይነካምና። ከነባሩ ፉቲንግ ሥር አንድ ጎን በሙሉ አይቆፈርም፤ አንዱን ክፍል ቆፍሮ፣ እስከ ጠንካራው አፈር ወርዶ፣ በአርማታ ሞልቶ፣ ከደረቀ በኋላ ወደ ሌላው ክፍል ይኬዳል። እንዲህ እየተደረገ አራቱም ጥጎች ታሰሩ። በቤቱ ዙሪያ ውሃን ወደ ውጭ የሚያጋድል የሲሚንቶ ንጣፍ ተሠራ፤ የአሸንዳው ውሃ በቱቦ ወደ ጎርፍ ማስወገጃው ተላከ። ጥገናው ሲያልቅ እንደገና ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ከቁፋሮው ጥልቀት ጋር፣ ከፎቶዎች ጋር።

እህትየዋ ስንጥቁ ተደፍኖ ከተቀባ በኋላ በዚያው ቦታ ላይ አዲስ የመስታወት ቁራጭ አስለጠፈች፤ ከአጠገቡም ቀኑን በእርሳስ ጻፈች። ወንድሟ ከዋሽንግተን በየሳምንቱ ይደውላል። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ አለቀ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የላከችለት ፎቶ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ ይታያል፣ መስታወቱም አልተሰነጠቀም።